ለጾም ስኳር ምርመራ ሲኬድ፦ ውሃው፣ ቡናውና የጠዋቱ ክኒን

ሐኪሙ «ነገ ምግብ ሳትቀምሱ ኑ» ይላል። ጠዋት ላይ ግን ጥያቄው ይበዛል። ውሃስ? ስኳር የሌለው ቡናስ? የግፊት ክኒኔስ? መልሱን ከሚታየው ችግር ተነስተን ወደ መንስኤውና ወደ መፍትሄው እንሂድ።

ችግር፦ ቁጥሩ ከወትሮው በጣም ከፍ ብሎ ወጣ

ለምሳሌ ከዘጌ የሚመጡ አንዲት እናትን እንውሰድ። ስኳር አለባቸው። ጠዋትና ማታ ግሊቤንክላሚድና ሜትፎርሚን ይወስዳሉ፤ ለግፊት ደግሞ ጠዋት ኢናላፕሪል አላቸው። ማታ 2 ሰዓት ላይ እራት በልተው ተኙ። በነጋታው 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጀልባ ከመሳፈራቸው በፊት፣ ቡና ቀማመሱ። ዘጌ ላይ ቡናው ከጓሮ ነው፤ ሳይጠጡ መውጣት ይከብዳል። ባሕር ዳር ደርሰው 2 ሰዓት ላይ ደም ሰጡ። ውጤቱ 171 ሆነ።

ሐኪሙ መድኃኒት ሊጨምር ሲል ጠየቃቸው።

«እማማ፣ የቀመሱት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም! ባዶ ሆዴን ነው የመጣሁ።»

«ቡናስ?»

«እሱማ ቡና ነው፣ ምን ምግብ አለው!»

ቡናው ሁለት ማንኪያ ስኳር ነበረበት። ይሄ 8 ወይም 10 ግራም ገደማ ይሆናል። ስኳር ላለበት ሰው፣ በዚያ ላይ የጠዋት ክኒኑን ገና ላልዋጠ፣ ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ ይበቃል።

ስኳር የሌለው ቡናስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። ጥቁር ቡና ካሎሪው ከምንም አይቆጠርም። ነገር ግን ካፌይን አድሬናሊንን ያነሳሳል። አድሬናሊን ደግሞ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋል፤ ኢንሱሊን እንደልቡ እንዳይሠራም ያግዳል። አንዱ ላይ ለውጡ አይታይም፣ ሌላው ላይ በተለይም ስኳር ባለበት ሰው ላይ ከፍ ይላል። የእናንተ የቱ እንደሆነ ከአንድ ምርመራ አይታወቅም። ስለዚህ ጥቁርም ይሁን በስኳር፣ ቡና ደም ከተሰጠ በኋላ ይጠጣ። ሻይም፣ ጫትም፣ ሲጋራም፣ ማስቲካም እንደዚያው።

ከጠጣችሁ ደግሞ አትደብቁ። ደም ከመሰጠቱ በፊት ለላብራቶሪ ባለሙያው ንገሩት። ወይ ሌላ ቀን ያስቀጥራችኋል፣ ወይ የጾም እንዳልሆነ ጽፎ ይሠራዋል። የተደበቀ ቡና የሚያስከትለው የማያስፈልግ መድኃኒት መጨመር ነው።

ችግር፦ ደም ሥር ጠፋ፣ ራስ ያዞራል

መንስኤው ብዙ ጊዜ ውሃ አለመጠጣት ነው። ሰው የምርመራውን ጾም ከቤተ ክርስቲያን ጾም ጋር አንድ ያደርገውና ከማታ ጀምሮ ጠብታ አይቀምስም። ምርመራው ውሃ አይከለክልም። ንጹሕ ውሃ ስኳርን አይጨምርም፤ ጠዋት አንድ ሁለት ብርጭቆ ጠጡ፤ ደም የሚቀዳው ሰውም ደም ሥራችሁን በቀላሉ ያገኛል። ፀበልም ውሃ ነው፣ ችግር የለውም። ማርና ሎሚ የገባበት ግን ውሃ አይባልም። «ለስኳር ጥሩ ነው» ተብሎ በባዶ ሆድ የሚጠጣው የአብሽና የተልባ ውሃም ለዚያ ቀን ይቅር። ተልባ ምግብ ነው፤ አብሽ ደግሞ ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል።

በተቃራኒው «የጾም ምግብ ስለሆነ» ብሎ ሽሮ በልቶ የሚመጣም አለ። ለላብራቶሪው ሽሮም ጥብስም አንድ ነው።

ችግር፦ ወረፋ ላይ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን

ይሄኛው ከሁሉም ይብሳል። የዘጌዋ እናት በሁለተኛው ቀጠሮ ቡናውን ተዉት፤ «መድኃኒትሽን እንዳትረሺ» የተባሉትን አስታውሰው ግን ክኒናቸውን ሁሉ ቤታቸው ውጠው መጡ። ጀልባው ዘገየ፣ ካርድ ክፍሉ ሞላ። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ጣታቸው ተወግቶ በግሉኮሜትር ሲታይ 58 ነበር።

ግሊቤንክላሚድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድዳል፤ ምግብ መጣ አልመጣ አይጠይቅም። ለዚህ ነው ከቁርስ ጋር የሚወሰደው። የጠዋት ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከመጠን በታች እምብዛም አያወርድም፤ በባዶ ሆድ ግን ጨጓራን ያውካል። እናም ሦስቱም ደም እስኪሰጥ ይቆያሉ። በቦርሳ ይያዙ፣ ከቁርሱ ጋር ይወሰዱ። አንድ ሁለት ሰዓት መዘግየት ነው እንጂ መዝለል አይደለም። የማታውን ክኒንና ኢንሱሊን ግን ሐኪሙ ካላለ በቀር በራሳችሁ አትቀንሱ። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው በተለመደው መድኃኒት ላይ ያላችሁን ቁጥር ነው።

ምልክቱ ከጀመራችሁ ወረፋውን እርሱት። 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ያህል ለስላሳ መጠጥ። ለነርሷ ንገሩ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ድገሙት፣ ከዚያ ምግብ ብሉ። ምርመራው ተበላሸ ብላችሁ አትዘኑ፣ ሌላ ቀን ይሠራል። ግሊቤንክላሚድ ግን ረጅም ሰዓት ይቆያል። ስኳሩ ተነስቶ እንደገና ሊወርድ ስለሚችል ቶሎ ጀልባ ላይ አትሳፈሩ፣ እዚያው ቆይታችሁ ታዩ። ሰውየው ራሱን ስቶ ከሆነ በአፉ ምንም አይሰጠው፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ችግር፦ ስኳሩ ደህና፣ ግፊቱ ሰማይ ነካ

የግፊት ክኒንም ተዘልሎ ነበር ማለት ነው። ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን ከዚህ ምርመራ ጋር ጠብ የላቸውም፤ በወትሮ ሰዓታቸው በውሃ ይዋጡ። ፕሬድኒሶሎን ስኳርን ይጨምራል፤ ቢሆንም በራስ አይቆምም፣ እንደምትወስዱት ብቻ ተናገሩ። ጣፋጭ የሳል ሽሮፕ ይቆይ።

የዘጌዋ እናት በሦስተኛው ቀጠሮ ውሃና ኢናላፕሪል ብቻ ወስደው፣ የስኳር ክኒናቸውንና ዳቦ በፌስታል ይዘው መጡ። ውጤቱ 138 ሆነ። ልዩነቱ ሁሉ የቡናው ነው አይባልም፤ ቁጥሩ ከቀን ቀንም ይለዋወጣል። ሐኪሙ ግን መጠኑን ሳይጨምር በነበረው እንዲቀጥሉ አደረገ።

ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ወይም ሁዳዴ ከሆነ አንድ ነገር ይቀራል። ደም ሰጥቶ «እንግዲህ ጀምሬዋለሁ» ብሎ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው፣ ግሊቤንክላሚዱን ወይም ኢንሱሊኑን ወስዶ ከሆነ ወረፋው ላይ የተባለው አደጋ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። መጾም የሚፈልግ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል፤ የንስሐ አባቱንም ያማክር። እስከዚያው ድረስ ክኒኑ ሲዋጥ ቁርሱ አጠገቡ ይኑር።