ትራንስፎርመር ሲበራ ዲፈረንሻል ሪሌው በከንቱ ትሪፕ ሲያደርግ

ትራንስፎርመሩን ያለ ጭነት ስናበራው 87T ዲፈረንሻል ሪሌው አንዳንዴ ወዲያው ትሪፕ ያደርጋል፤ አንዳንዴ ምንም አይልም። የኢንሱሌሽንና የተርን ሬሾ ፍተሻው ጤነኛ ነው። የሲቲ ፖላሪቲውም ልክ ነው። የመነሻ ሴቲንጉን ከፍ ማድረግም አልረዳም።

መልሱ የተገኘው ሪሌው ከመዘገበው ሞገድ ነው። ከረንቱ የሚታየው በሚበራው ወገን ብቻ ነው፤ ሞገዱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋደለ፣ በመሃሉ ክፍተት ያለው። ኮሩ ሳቹሬት ሲያደርግ የሚመጣ ከረንት ነው። በሌላው ወገን ስለማይወጣ ሪሌው የውስጥ ፎልት ይመስለዋል። መጠኑን የሚወስኑት ብሬከሩ የተዘጋበት ቅጽበትና በኮሩ ውስጥ የቀረው ፍላክስ ናቸው፤ ለዚህ ነው አንዳንዴ ብቻ የሚያስቸግረው።

ሁለተኛው ሃርሞኒክ በሁለቱ ፌዞች ከ30% በላይ ነበር፤ በሦስተኛው ግን 11%። ሁለተኛው ሃርሞኒክ ሲበዛ ትሪፑን የሚከለክለው ማገጃ 15% ላይ ስለተሞላ ያ ፌዝ ብቻውን ትሪፕ አደረገ። የአንዱ ፌዝ ሃርሞኒክ ሦስቱንም ፌዞች እንዲያግድ የሚያደርገውን ክሮስ ብሎኪንግ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲሠራ አድርጌ ከፈትኩት፤ ትሪፑ ቀረ።

ዋጋው ግን አለ፦ ፎልት ያለበት ትራንስፎርመር ከበራ ትሪፑ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ከረንቱ እጅግ ሲበዛ ትሪፕ የሚያደርገውን፣ ሃርሞኒክ የማያግደውን ሃይሴት እንዳታጠፉት።