የቆየ አድማጭን ሳያጡ ወደ አዲስ አድማጭ መድረስ፦ በወሎ ዜማ ስሙን ላስጠራ ድምፃዊ

በካሴት ዘመን በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ ሰርጎች ስሙ የገነነ ድምፃዊ ዛሬ ሙዚቃን በስልክ ለሚያዳምጡ የአዲስ አበባና የውጭ አገር ወጣቶች መድረስ ሲፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ምክር አለባበሱን፣ የቅንብር ስልቱንና የገጹን ስም በአንድ ጊዜ እንዲለውጥ ነው። እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም። የአንድ ድምፃዊ መለያ ወይም ብራንድ የሚኖረው አድማጩ ዘፈኑ በተጀመረ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ «ይህ የእገሌ ነው» ብሎ በሚለይበት ምልክት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ያን ምልክት ለይቶ ከማወቅ ነው። ቀጥሎ የማቀርበው አካሄድ አብሬው ከሠራሁት አንድ የአምባሰል ዜማ ባለሙያ ልምድ የተወሰደ ነው።

የማይነካውን መለየት

በሚገባ ከሚታወቁት ዘፈኖችዎ አራት ወይም አምስት ይምረጡና ድምፅዎ ከመግባቱ በፊት ያለውን መግቢያ ብቻ ቆርጠው ያዘጋጁ። ከዚያም ለቆዩ አድማጮችዎ፣ ማለትም በሰርግ ላይ ለሚያገኟቸው ሰዎች፣ ለሙዚቃ ቤት ባለቤቶችና ለአውቶቡስ ሾፌሮች ያሰሙ። መጠየቅ ያለብዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «የማን ይመስልዎታል? በምን አወቁት?» ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። «በጣም ጥሩ ነው» የሚል መልስ የሚጠቅም ነገር የለውም፤ «ማሲንቆው ሲገባ አወቅሁት» የሚለው ግን ውድ መልስ ነው።

በዚህ ድምፃዊ ዘንድ ደጋግመው የተነሡት ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ ማሲንቆው ከሁሉም መሣሪያ ቀድሞ መግባቱ፣ ስንኙን ሲዘጋ ድምፁን እያርገበገበ የሚያወርድበት መንገድ፣ እና ትከሻን ለእስክስታ የሚጋብዘው ምት። ስለ ልብሱም ሆነ ስለ ካሴቱ ሽፋን ያነሣ ሰው አልነበረም። በዚህ መሠረት ሦስቱ እንዳይነኩ ተወሰነ፤ ቤዙ፣ ከበሮው፣ የክሊፑ አሠራር፣ አብረውት የሚዘፍኑት ወጣቶችና የመግቢያው ርዝመት ግን ለለውጥ ክፍት ሆኑ። የድሮ ካሴት መግቢያ ረጅም ነው፤ በስልክ የሚያዳምጥ ሰው ግን ብዙ ስለማይታገሥ መግቢያውን ወደ አሥርና አሥራ አምስት ሰከንድ ማሳጠር ተገቢ ነው፤ ማሲንቆው አሁንም ቀድሞ እስከገባ ድረስ የቆየው አድማጭ አይከፋም።

ስቱዲዮ ውስጥ፦ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ቦታ

የቆየ አድማጭ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ነው፤ ምክንያቱን ግን በስሙ ጠርቶ የሚነግርዎ አያገኙም። አድማጩ የሚለው «ድምፁ ተለውጧል» ወይም «እንደ ድሮው አልሆነልኝም» ብቻ ነው። በእኔ እይታ ግን ምክንያቱ ከቅኝቱ ላይ አንድ ድምፅ መጥፋቱ ነው።

የአምባሰልን ቅኝት ከዶ ብንጀምረው ድምፆቹ ዶ፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና በግማሽ ዝቅ ያለ ላ ናቸው። አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኘው ከዶ አጠገብ ያለው ያ ዝቅ ያለ ሬ ነው። አሁን በብዙ ስቱዲዮዎች የሚሆነውን እንመልከት። አቀናባሪው ዜማውን ሲሰማ ኀዘን ያለበት ስለሚመስለው በማይነር ስኬል ይመዘግበዋል፤ የድምፅ ማስተካከያውን ማለትም ኦቶቲዩኑንም በዚያው በዶ ማይነር ላይ ያደርገዋል። ማይነር ስኬል ውስጥ ግን ዝቅ ያለ ሬ የለም፤ ያለው ሙሉው ሬ ነው። ስለዚህ ድምፃዊው በትክክል የዘፈነውን ድምፅ ማሽኑ ስህተት ነው ብሎ ያነሣዋል፤ ወደ ላይ ዘንበል ካለ ሙሉ ሬ፣ ወደ ታች ዘንበል ካለ ደግሞ ዶ ያደርገዋል። በኪቦርድ የሚሞላው የማይነር ኮርድም በአምባሰል ውስጥ የሌለውን ዝቅ ያለ ሚ ይጨምርበታል። ውጤቱ ዜማው ያለ፣ አምባሰል ግን የሌለበት ዘፈን ነው።

አብሬው በሠራሁት ድምፃዊ የመጀመሪያ አዲስ ዘፈን ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ወጣቶቹ ወደዱት፤ በደሴ ያሉ የቆዩ ወዳጆቹ ግን «እሱ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ያልተነካውን የድምፁን ቅጂ ከታረመው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ስናዳምጥ፣ ስንኙን በሚዘጋበት ቦታ ላይ የነበረው የድምፁ እርግብግብታ ቀጥ ብሎ እንደ ደረጃ ተቆርጦ ነበር፤ ዝቅ ያለው ሬም ከስንኙ መጨረሻ ጠፍቶ ነበር።

ማረሚያው አስቸጋሪ አይደለም። ማስተካከያው የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ በማይነር ላይ ሳይሆን አሥራ ሁለቱንም ድምፆች በሚቀበለው በክሮማቲክ ላይ ይደረግ፤ ወይም የአምባሰሉን አምስት ድምፆች ብቻ እንዲያውቅ ይሞላ። የማረሚያው ፍጥነትም ዝግ ይበል፤ ፈጣን ሲሆን እርግብግብታውን ያጠፋዋል። እኔ ግን የሚመረጠው ስንኙን ደግሞ መዝፈን ነው እላለሁ፤ ለሃያና ሠላሳ ዓመት የዘፈነ ሰው ማሽን አያስፈልገውም። ኮርዱን በተመለከተ ቤዙ ዶንና ሶልን ይያዝ፤ ባዶው ቦታ በማሲንቆና በዋሽንት ይሞላ። ወጣቱ አድማጭ የሚፈልገው ክብደት ከቤዙና ከከበሮው ድምፅ ይመጣል እንጂ ከሙሉ ኮርድ አይመጣም።

ምቱንም በሚመለከት አንድ ጥንቃቄ አለ። በስድስት ስምንተኛ የሚሄደውን ምት ለዳንስ ቤት እንዲስማማ ወደ አራት አራተኛ መለወጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትከሻው የሚመታበት ቦታ ይጠፋል፤ በሰርግ ላይም ሰው ሳይነሣ ይቀራል። ዘመናዊውን ከበሮ በስድስት ስምንተኛው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አቀናባሪው የማይችል ከሆነ የሚችለውን መፈለግ ይሻላል። መንዙማ የሚያዜሙ ከሆነ ደግሞ፣ ዜማውን ለጭፈራ ማዋል የወሎን አድማጭ በጥልቅ የሚያስቀይም ስለሆነ፣ ለዚህ ዓይነት ሙከራ ባያቀርቡት እመክራለሁ።

መብቱን ማጣራት

የድሮ ዘፈንዎን ከመድገምዎ በፊት ከካሴት አሳታሚው ጋር የፈረሙትን ውል ያውጡና ያንብቡ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥምና የዜማ ደራሲውን መብት፣ የተጫዋቹን መብትና የድምፅ ቅጂ አዘጋጁን መብት ለየብቻ ይመለከታል፤ ስለዚህ ዘፈኑን የዘፈኑት እርስዎ መሆንዎ ቅጂውን በኢንተርኔት ለመልቀቅ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

ስሙና ገጹ

አዲስ ገጽ አይክፈቱ። አዲስ ገጽ መክፈት የቆየውን አድማጭ ባለበት ትቶ መሄድ ነው፤ አዲሱም የድሮ ሥራዎን የሚያገኝበት መንገድ ይጠፋል። ዩቲዩብ ለሙዚቀኛ የሚሰጠው ኦፊሻል አርቲስት ቻናል የሚባል ገጽ፣ ዘፈንን ለኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶች በሚያደርስ አከፋፋይ በኩል የተለቀቁትን ዘፈኖችና በራስዎ ገጽ የጫኗቸውን በአንድ ቦታ ያሰባስባል፤ ይህን ለማግኘት ቢያንስ አንድ ሥራ በአከፋፋይ በኩል የተለቀቀ መሆን አለበት። በገጹ ላይ የድሮዎቹን ለብቻ፣ አዲሶቹን ለብቻ በዝርዝር ማስቀመጥ ይበቃል።

እዚህ ላይ ችላ የሚባለው የስም አጻጻፍ ነው። ሐሰን የሚለው ስም አንድ ቦታ Hassen፣ ሌላ ቦታ Hasan ተብሎ ለአከፋፋዩ ከተላከ፣ የሙዚቃ አገልግሎቶቹ እንደ ሁለት ሰው ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ ዘፈኖቹም በሁለት ገጽ ይበተናሉ። አንድ የላቲን አጻጻፍ ይምረጡ፤ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በአከፋፋዩ ቅጽ ላይ ያንኑ ብቻ ይጠቀሙ። በአማርኛም ሐሰንን በሀ ይሁን በሐ ወስነው ይጽኑበት።

የአለቃቀቅ ቅደም ተከተል

ከወጣት ድምፃዊ ወይም አቀናባሪ ጋር የሠሩትን ዘፈን ሲለቁ፣ ያንኑ ዘፈን በማሲንቆና በድምፅ ብቻ የተቀረጸውን በዚያው ቀን ይልቀቁ። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሁለተኛው ቅጂ ጥቅም ግን ከፍ ያለ ነው፤ የቆየው አድማጭ ሁለተኛውን ይዞ ይረጋጋል፤ ወጣቱም የመጀመሪያው ዘፈን ከየት እንደ መጣ ይሰማል። ለዚህ ድምፃዊ ነገሩን የለወጠው ይህ እርምጃ ነበር፤ «እሱ ነው እንዴ?» ያሉት ሰዎች የማሲንቆውን ቅጂ በቴሌግራም ለዘመድ መላክ ጀመሩ።

ጊዜውን ከወሎ ሰርግ ጋር ያስማሙ። ሰርግ የሚበዛው በጥር ስለሆነ ዘፈኑ ከገና በፊት ቢወጣ በሰርጉ ላይ ሰው ሊጠይቀው ይደርሳል። በዐቢይ ጾምና በረመዳን የጭፈራ ዘፈን መልቀቅ በሁለቱም ወገን ያለውን አድማጭ ማስቀየም ነው፤ ረመዳን በየዓመቱ በአሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ቀኑን አስቀድመው ያስሉ። በመድረክ ላይ ደግሞ አዲሱን ዘፈን መክፈቻ አያድርጉት፤ ሁለት የታወቁ ዘፈኖችን ካቀረቡ በኋላ ያስገቡት፤ ከእሱ ቀጥሎም የታወቀ ይዝፈኑ።

የሚጠፋውን አድማጭ እንዴት ማወቅ ይቻላል

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ «Audience» የሚለው ክፍል አዲስ ተመልካቾችንና ተመላልሰው የሚመጡትን ለይቶ ያሳያል። የአጠቃላዩ ቁጥር ማደጉ አያሳስትዎ፤ አዲሶቹ እየጨመሩ ተመላላሾቹ ለተከታታይ ወራት ከቀነሱ የቆየው አድማጭ እየሄደ ነው ማለት ነው። ይህ መለኪያ ግን በወሎ ላይ ግማሽ እውነት ብቻ ይናገራል፤ ብዙው የቆየ አድማጭ ዘፈን የሚያገኘው ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ አስቀድቶ፣ ከሬዲዮና ከአውቶቡስ ውስጥ ነውና በገጹ ቁጥር ውስጥ አይታይም።

ስለዚህ ከስልኩ ውጭ ያለውን በሦስት ቦታ ይከታተሉ፦ ሙዚቃ ቤቶች ምን እንደሚጠየቁ፣ ሰርግ ላይ እንግዶች በስም እየጠሩ የትኛውን ዘፈን እንደሚያዝዙ፣ እንዲሁም የሰርግ ጥሪ የሚያደርጉት ቤተሰቦች እነማን እንደሆኑ። ከደሴና ከሐይቅ የሚመጣው ጥሪ ቀንሶ የአዲስ አበባው ብቻ ከጨመረ፣ ቀጣዩን ሥራ ከአቀናባሪው ጋር ከመጀመርዎ በፊት የመጨረሻውን ዘፈን ያልተነካ ቅጂ ከስቱዲዮው ያስመጡና ዝቅ ያለው ሬ በስንኙ መዝጊያ ላይ መኖሩን በጆሮዎ ያረጋግጡ።