ጭቃ የነካው የሱፍ ምንጣፍ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ዝናብ ሲመጣ ድንገት ነው። ልጆች ጭቃ ረግጠው ሳሎን ይገባሉ። ሥራዬ ምንጣፍ ማጠብ ነው፤ ክረምት ላይ ከሚመጡልኝ የሱፍ ምንጣፎች ብዙዎቹን ያበላሻቸው ጭቃው ሳይሆን የባለቤቱ እርጥብ ጨርቅ ነው።

አቦ፣ የደረቀ ጭቃ ላይ ውሃ አታድርጉ! ጭቃ የላመ አፈርና አሸዋ ነው። ደርቆ እያለ አብዛኛው ከላይ እንደ ቅርፊት ተቀምጦ ነው የሚቆየው። ውሃ ሲነካው ይሟሟና ወደ ምንጣፉ ፀጉር ሥር ይወርዳል። ስታሹት ደግሞ የረጠበው ሱፍ እርስ በርሱ ይጠላለፍና እንደ ቡርኖስ ይጠጥራል። የጠጠረ ሱፍ አይመለስም።

አንዲት የከዚራ ሰፈር እናት ቀይ ምንጣፍ አመጡልኝ። መዳፍ የምታክል ጭቃ ነበረችበት፤ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና በብሩሽ ፈትገዋታል። «ልጄ፣ ንጹህ እኮ ነው፤ ግን ደረቀብኝ» አሉኝ። ፀጉሩን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው፤ ሥሩ ላይ አፈሩ እንደ ሲሚንቶ ተጋግሯል። አፈሩን በሦስት ቀን አወጣሁት። የጠጠረው ሱፍ ግን እንደጠጠረ ቀረ።

ሳይደርቅ መጀመርም ያው ነው። ወፍራሙን እርጥብ ጭቃ በማንኪያ አንሱና ተዉት። በአውራ ጣት ስትጫኑት ከቀዘቀዘ ወይም ከጎደጎደ ገና ነው። ሲደርቅ ምንጣፉን ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ እጠፉት፤ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ፍርካሹን በጣትና በማንኪያ ጫፍ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ አንሱ።

ቀጥሎ ያለውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ ምንጣፉን ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ በዱላ እደበድብ ነበር። አቧራው ሲቦን ደስ ይለኛል፤ አሸዋው ግን በየምቱ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ሥር የገባ አሸዋ ደግሞ በተረገጠ ቁጥር ፀጉሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። አሁን ነጭ አንሶላ አነጥፍና ምንጣፉን በፊቱ ደፍቼ ከጀርባው በመዳፌ መታ መታ አደርገዋለሁ። አንሶላውን አራግፌ እደግማለሁ፤ አፈር መውረዱን እስኪያቆም።

ቫኪዩም ካላችሁ በባዶ ቱቦው ብቻ ሳቡት፤ የሚሽከረከረው ብሩሽ ሱፉን ይነጫል።

በረኪና? ሱፍ ይበላል። በቃ።

ውሃ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ጥላ የመሰለ እድፍ ከቀረ። መጀመሪያ ጥግ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጫኑ፤ ቀለም ከለቀቀ እዚያው አቁሙ። ካልለቀቀ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ ጨርቁን ነክራችሁ በደንብ ጨምቁና እድፉን ጫን ለቀቅ አድርጉት። አትሹት። ሳሙናውን ንጹህ ውሃ ነክሮ በተጨመቀ ሌላ ጨርቅ አንሱትና ቬንትሌተር ክፈቱበት። የድሬ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ቀለሙ ይለቃል።