ሰባተኛውን የራስ ቅል ነርቭ ስናጠና የምንሳሳታቸው ነገሮች

የራስ ቅል ነርቮች 12 ጥንድ ናቸው። ብዙ ተማሪ የሚሸመድዳቸው በሰንጠረዥ ነው፦ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ሥራው፣ የሚወጣበት ቀዳዳ። ሰንጠረዡ ለፈተና ይበቃል። ፊቱ የተጣመመ ሰው መጥቶ ሲቀመጥ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ነርቩ የተጎዳው መንገዱ ላይ የት ቦታ ነው? ለዚህ ከሰባተኛው ነርቭ፣ ማለትም ከፌሻል ነርቭ የተሻለ መማሪያ የለም። ከአምስተኛው፣ ከትራይጀሚናል ጋር እየተደባለቀ የሚያሳስተውም እሱ ነው።

ለአንድ ነርቭ አንድ ቀዳዳ ብሎ መያዝ

ትራይጀሚናል ከራስ ቅል የሚወጣው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነው። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በሱፒሪየር ኦርቢታል ፊሸር፣ ሁለተኛው በፎራመን ሮተንደም፣ ሦስተኛው በፎራመን ኦቫሌ ያልፋል። ከቅንድብ በላይ፣ ከዓይን በታችና አገጭ ላይ በጣት የሚዳሰሱትን ትንንሽ ቀዳዳዎች የእነዚህ መውጫ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። በእነሱ የሚያልፉት ከራስ ቅሉ ወለል ቀድመው ወጥተው ወደ ቆዳ የሚያመሩ ጫፎች ናቸው።

ሰባተኛው ደግሞ ከስምንተኛው ጋር በኢንተርናል አኩስቲክ ሚየተስ ይገባና ቴምፖራል አጥንት ውስጥ ባለ ጠባብና ጠመዝማዛ ቦይ ተጉዞ፣ ከጆሮ ጀርባ በታች ባለው ስታይሎማስቶይድ ፎራመን ብቅ ይላል። መልሱ ላይ አንዱን ብቻ የጻፈ ተማሪ ግማሹን ነው የመለሰው። መግቢያና መውጫውን ማወቅ ብቻም አይበቃም፤ ቁም ነገሩ ያለው በመካከል፣ በቦዩ ውስጥ ነው።

ፊት ላይ ያለውን ሁሉ ለሰባተኛው መስጠት

ሰባተኛው የፊት ገጽታን የሚያንቀሳቅሱትን ጡንቻዎች ያዛል፦ ፈገግታን፣ ቅንድብ ማንሳትን፣ ዓይን መጨፈንን፣ ጉንጭ መንፋትን። የፊት ቆዳ ስሜት ግን የአምስተኛው ነው፤ የሚያኝኩት ጡንቻዎችም እንዲሁ። ስለዚህ ፊቱ በአንድ ወገን የረገበ ሰው ጥርሱን ሲነክስ የመንጋጋው ጡንቻ በሁለቱም በኩል እኩል ሊጠነክር ይችላል።

እዚህ ላይ ታካሚው ራሱ ያሳስታል። ብዙዎቹ «ደንዝዞኛል» ይላሉ፤ በጥጥ ሲነኩ ግን እኩል ይሰማቸዋል። ቃሉን ሰምቶ የስሜት ነርቭ ተጎድቷል ብሎ ከመጻፍ በፊት መንካት ነው።

ሁለቱን ነርቮች በአንድ ጊዜ የሚፈትነው የኮርኒያ ሪፍሌክስ ነው። የቀኝ ዓይን ኮርኒያ በቀጭን ጥጥ ሲነካ ስሜቱ በቀኝ አምስተኛው ነርቭ ይገባል፤ ትእዛዙ በሁለቱም ሰባተኛ ነርቮች ይወጣል። ሁለቱም ዓይኖች ካልተርገበገቡና የግራው ኮርኒያ ሲነካ ግን ሁለቱም ከተርገበገቡ፣ ችግሩ የቀኙ አምስተኛ ነው። ግራው ተርገብግቦ ቀኙ ዝም ካለ የቀኙ ሰባተኛ ነው።

ዓይኑ «ይወድቃል» ብሎ መጠበቅ

በሰባተኛው ጉዳት ዓይን አይዘጋም እንጂ አይወድቅም። የላይኛውን የዓይን ቆብ የሚያነሳው ዋናው ጡንቻ የሦስተኛው ነርቭ ነው፤ ሰባተኛው የሚዘጋው ነው። በአንድ ወገን አፉ የተጣመመና በዚያው ወገን የዓይን ቆቡ የወደቀ ሰው ካጋጠመ፣ ሁለቱን በአንድ ነርቭ ከማስረዳት በፊት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ዓይን አለመዘጋቱ የመልክ ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ ኮርኒያው ይደርቃል፣ ይቆስላል። ለዚህ ነው ቀን ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማታ ቅባትና መሸፈኛ የሚታዘዘው።

የግንባሩን ሕግ ያለ ገደብ መጠቀም

የግንባር ጡንቻዎችን የሚያዙት የሰባተኛው ሕዋሳት ከሁለቱም የአንጎል ወገኖች ትእዛዝ ይቀበላሉ። የታችኛው ፊት በዋናነት ከተቃራኒው ወገን ብቻ። በዚህ ምክንያት ከአንጎል ቅርፊት በሚነሳ ስትሮክ አፍ ሲጣመም ግንባር ይተርፋል፤ ነርቩ ራሱ ሲጎዳ ግን ግንባርም አይሸበሸብም።

ሕጉ ልክ ነው፤ ስህተቱ «ግንባሩም ሰንፏል፣ እንግዲህ ስትሮክ አይደለም» ብሎ መዝጋት ነው። የሰባተኛው መነሻ ሕዋሳት ያሉት አንጎል ግንድ ላይ፣ ፖንስ ውስጥ ነው። እዚያ የደረሰ ስትሮክ ልክ እንደ ነርቭ ጉዳት ግንባሩን ጭምር ያሰንፋል። የሰባተኛው ጭረቶች ከመውጣታቸው በፊት በስድስተኛው መነሻ ዙሪያ ስለሚጠመዘዙ፣ ዓይኑ ወደዚያው ወገን ወደ ውጭ መዞር ሊያቅተው ይችላል፤ የተቃራኒው ወገን እጅና እግርም ሊሰንፍ ይችላል። ዓይንና እጅ እግር ሳይታይ ግንባር ብቻ ታይቶ አይወሰንም።

መውጫውን እንጂ መንገዱን አለማሰብ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሴት ጠዋት ስትነሳ የፊቷ ቀኝ ወገን አልታዘዝ ብሏታል። ቀኝ ግንባሯ አይሸበሸብም፤ ዓይኗን ልትጨፍን ስትሞክር ኳሱ ወደ ላይ ይዞራል፣ ነጩ ይታያል። ማኘክና የቆዳ ስሜት ደህና ናቸው። ሲጠየቁ ብቻ የሚነገሩ ሁለት ነገሮችም አሉ፦ በቀኝ ጆሮዋ ድምፅ ሁሉ ይጮህባታል፤ የምላሷ የቀኝ ፊተኛ ክፍልም ጣዕም አይለይም።

አሁን ከታች ወደ ላይ እንሂድ። ጉዳቱ ከስታይሎማስቶይድ ፎራመን ውጭ ቢሆን ኖሮ ጡንቻዎቹ ብቻ ነበር የሚሰንፉት። ጣዕሙ መጥፋቱ ጉዳቱን ከመውጫው በላይ ያወጣዋል፤ የምላስን ሁለት ሦስተኛ ፊተኛ ክፍል ጣዕም የሚያመጣው ኮርዳ ቲምፓኒ ከዋናው ነርቭ ጋር የሚገናኘው ቦዩ ውስጥ፣ ከመውጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ነውና። የድምፁ መጮህ ደግሞ ከዚያም ከፍ ያደርገዋል፤ የጆሮን ትንሽ አጥንት ገትቶ ድምፅ የሚያለዝበው ስታፒዲየስ ጡንቻ ቅርንጫፉን የሚያገኘው ከኮርዳ ቲምፓኒ በላይ ነው። እንባዋም ቀንሶ ቢሆን ኖሮ ወደ ጄኒኩሌት ጋንግሊዮን እንወጣ ነበር። መስማቷ ቢቀንስ ወይም ሚዛኗን ብትስት ደግሞ ሰባተኛውና ስምንተኛው አብረው ወዳሉበት ወደ ኢንተርናል አኩስቲክ ሚየተስ።

ይህ ስሌት ንጹሕ የሚሆነው በወረቀት ላይ ነው። ነርቭ በከፊል ሲጎዳ አንዱ ጭረት ተጎድቶ ጎረቤቱ ይተርፋል፤ ስለዚህ ምልክቱ ሁልጊዜ ቦታውን በትክክል አይጠቁምም። ጆሮ ውስጥ ማየትን ግን አይተካም፦ ውኃ የቋጠሩ ሽፍታዎች ካሉ ምክንያቱ የዞስተር ቫይረስ ነው። ሌላ ምክንያት ካልተገኘና ቤልስ ፓልሲ ከተባለ፣ ፕሬድኒሶሎን በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል።

ፓሮቲድን የሰባተኛው ማድረግ

ሰባተኛው ከራስ ቅሉ ከወጣ በኋላ በፓሮቲድ ዕጢ ውስጥ አልፎ በአምስት ቅርንጫፎች ይከፈላል። ዕጢውን ምራቅ እንዲያመነጭ የሚያዘው ግን በጁጉላር ፎራመን የሚወጣው ዘጠነኛው ነርቭ ነው። ማለፍና ማዘዝ ለየቅል ናቸው። ማለፉም ቢሆን ትልቅ ትርጉም አለው፦ አደገኛ ያልሆነ የፓሮቲድ እብጠት ነርቩን ይገፋዋል እንጂ እምብዛም አያሽመደምደውም። ከጆሮ ፊት እብጠት ይዞ የመጣ ሰው ፊቱም መስነፍ ከጀመረ፣ ካንሰር ነው ብሎ መጠርጠር ይቀድማል።