የድመቶች ቡራቡሬ ፀጉርና የኤክስ ክሮሞሶም መዘጋት፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጥቁርና ብርቱካናማ ፀጉር በአንድ ገላ ላይ ተሰባጥሮ የሚታይባት ድመት ሴት ናት ቢባል በአብዛኛው ትክክል ነው። ፀጉሩን ጥቁር ወይም ብርቱካናማ የሚያደርገው ጂን በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ ሴት ድመት ሁለት ኤክስ ሲኖራት ወንዱ ግን አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ብቻ አለው። በሴቷ ሕዋሳት ውስጥ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ ስለሚዘጋ፣ ከአንዱ ወላጇ የጥቁሩን፣ ከሌላው የብርቱካናማውን ቅጂ የወረሰች ድመት በአንዳንድ ሕዋሶቿ ጥቁሩ፣ በሌሎቹ ብርቱካናማው ብቻ ይሠራል። ሜሪ ላየን የተባሉት እንግሊዛዊት የዘረመል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን ሐሳብ ያቀረቡት በአይጦች ላይ ከታየው ተመሳሳይ ቡራቡሬነት ተነሥተው ነበር። ነገሩ በዚህ መልኩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ስህተቱ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ምርጫው በየጊዜው እንደሚደረግ፣ እያንዳንዱ ፀጉርም ሲበቅል ቀለሙን በዕጣ እንደሚያገኝ ማሰብ ነው። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ድመቷ ፀጉሯን በለወጠች ቁጥር ጥለቷ ይለወጥ ነበር፤ ይህ ግን አይሆንም። ምርጫው የሚደረገው አንድ ጊዜ፣ ፅንሱ ገና ጥቂት ሕዋሳት ብቻ በያዘበት ደረጃ ላይ ነው። በሚዘጋው ኤክስ ላይ ያለው ኤግዚስት የተባለው ጂን ፕሮቲን የማይሠራ ረጅም አርኤንኤ ያመነጫል፤ ይህም አርኤንኤ የመነጨበትን ክሮሞሶም ራሱን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍነውና አብዛኞቹ ጂኖቹ ይዘጋሉ፣ ክሮሞሶሙም ይታመቃል። የታመቀው ክሮሞሶም በማይክሮስኮፕ እንደ ትንሽ ጥቁር ነጥብ የሚታይ ሲሆን፣ ባርና በርትራም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1949 መጀመሪያ ያዩት፣ እንደ አጋጣሚ፣ በድመት የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ በተከፋፈለ ቁጥር ልጆቹ የዘጉት ያንኑ ኤክስ ነው። ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት ደግሞ የሚመነጩት በፅንሱ ጀርባ መሐል ላይ ካሉ ሕዋሳት ሲሆን፣ እየተባዙ ወደ ሆድና ወደ እግር ይጓዛሉ። ስለዚህ በድመቷ ጎን ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ቦታ ተመሳሳይ ኤክስ የዘጉ፣ አንድ ዝርያ ያላቸው ሕዋሳት የሰፈሩበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ የተስፋፋ ነው፤ በባለ ሦስት ቀለም ድመት ላይ ያለውን ነጭም የኤክስ መዘጋት ውጤት አድርጎ መቁጠር። ነጩን የሚያመጣው ኪት የተባለ ጂን ላይ ያለ ለውጥ ነው፤ ይህ ጂን ደግሞ በኤክስ ላይ ስለማይገኝ ወንዱም ሴቷም እኩል ይወርሱታል። ለውጡ ያለባት ፅንስ ቀለም ሠሪ ሕዋሶቿ ቁጥራቸው ያንሳል፣ ከጀርባ ርቆ ወዳለው ሆድና መዳፍም ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ ያልደረሱበት ፀጉር ነጭ ሆኖ ይበቅላል። በነጩ ቆዳ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሕዋሳትም ከኤክሶቻቸው አንዱን ዘግተዋል፤ ሆኖም ይህን በቀለም የሚገልጥ ሕዋስ በአካባቢው የለም። ያም ሆኖ ነጩ ከጥለቱ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም ማለት አይደለም። ነጭ በሌላት ድመት ላይ የጥቁሩና የብርቱካናማው ወገን ሕዋሳት ብዙ ስለሆኑ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ፣ ፀጉሯም ክር በክር የተደባለቀ ይመስላል። ነጭ ባለባት ላይ ግን ጥቂቶቹ ሕዋሳት ሌላው ሳይቀላቀላቸው እየተባዙ ሰፊ ቦታ ስለሚይዙ፣ ድንበራቸው የለየ ትልልቅ ቦታዎች ይታያሉ። በእኔ እይታ የዚህን ክስተት አሠራር ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የእነዚህ የሁለቱ ድመቶች ንጽጽር ነው።

ሦስተኛው ስህተት «ምርጫው በዕጣ ከሆነ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ብርቱካናማ መሆን አለበት» ብሎ መጠበቅ ነው። ዕጣው የሚወጣው በጥቂት ሕዋሳት መካከል ስለሆነ ውጤቱ ወደ አንዱ ወገን በጣም ሊያዘነብል ይችላል። ይህ ግራ የሚያጋባበትን ሁኔታ በምሳሌ እንመልከት። ጥቁር የምትመስል እናት ከጥቁር አባት አንድ ብርቱካናማ ወንድ ግልገል ወለደች እንበል። ብዙዎች ወዲያው የሚጠረጥሩት ሌላ አባት ነው፤ ጥርጣሬው ግን መሠረት የለውም፤ ምክንያቱም ወንድ ግልገል ከአባቱ የሚወርሰው ዋይን ነው፣ ብቸኛ ኤክሱ የእናቱ ነው። ስለዚህ ብርቱካናማነቱ ከእናቱ መጥቷል፤ እናቲቱም ጥቁር ሳትሆን ብርቱካናማው ወገን በጣም ያነሰባት ቡራቡሬ ናት። በጣቶቿ መካከል፣ በአገጯ ሥር ወይም በጆሮዋ ዙሪያ ፀጉሯ ገለጥ ገለጥ ተደርጎ ቢታይ ጥቂት ብርቱካናማ ፀጉር መገኘቱ አይቀርም ባይባልም የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። የተወለደችው በእርግጥ ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ የሆነች ሴት ብትሆን ግን ፍርዱ ይገለበጣል፦ ሁለቱም ኤክሶቿ ብርቱካናማ መሆን ስላለባቸው አንዱ ከአባት መምጣት አለበት፣ ጥቁሩም ድመት አባቷ ሊሆን አይችልም። በአንድ ጊዜ የተወለዱ ግልገሎች የተለያየ አባት ሊኖራቸው ስለሚችል ይህ በድመቶች ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህችው ብርቱካናማ ሴት እንደ እኅቶቿ ሁሉ በሕዋሶቿ ውስጥ አንድ ኤክስ የዘጋች ናት፤ የተዘጋውም ክፍት የቀረውም አንድ ዓይነት ቀለም ስለሚሰጡ ብቻ ልዩነቱ አይታይም።

አራተኛው ስለ ወንዶች ነው። ቡራቡሬ ወንድ ድመት ብርቅ ነው እንጂ የሌለ አይደለም፤ ሲገኝም «ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ አለው» ብሎ ያለ ምርመራ መደምደም አይገባም። ድመት በወትሮው 38 ክሮሞሶሞች አሏት፤ የክሮሞሶም ቆጠራ ተደርጎ 39 ቢገኝና ትርፉ ኤክስ ቢሆን ማብራሪያው ይሠራል፣ እንዲህ ያለው ወንድም አብዛኛውን ጊዜ መካን ነው። ቆጠራው 38 ቢሆን ግን እንስሳው ከሁለት ፅንሶች መዋሐድ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ጥለቱ ከኤክስ መዘጋት ጋር ግንኙነት ላይኖረው ይችላል፣ ድመቱም ሊወልድ ይችላል።

አምስተኛው ስህተት ቡራቡሬነትን ሙሉ በሙሉ በዲኤንኤ የተጻፈ አድርጎ መውሰድ ነው። የብርቱካናማው ለውጥ ራሱ በዲኤንኤ ውስጥ መኖሩ እርግጥ ነው፤ የጃፓንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባሳተሙት ሥራ እንደታየው፣ በኤክስ ላይ 5,000 ያህል የዲኤንኤ ፊደላት መጥፋታቸው አርጋፕ36 የተባለውን ጂን በቀለም ሠሪ ሕዋሳት ውስጥ ያለ ቦታው ያሠራዋል፣ ጥቁሩን ቀለም የሚያሠራውንም ምልክት ያዳክመዋል። የትኛው ኤክስ የት እንደሚዘጋ ግን በፊደላቱ ቅደም ተከተል አልተወሰነም። በአሜሪካ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሬይንቦ ከተባለች ባለ ሦስት ቀለም ድመት የአንድ ሕዋስ አስኳል ወስደው ያስገኟት፣ በታኅሣሥ ወር 2001 እ.ኤ.አ. የተወለደችው ሲሲ የተባለች ግልገል የሬይንቦን ዲኤንኤ ብትይዝም ቡናማ ዝንጉርጉርና ነጭ ሆነች፤ ብርቱካናማ ፀጉር አልነበራትም። የሬይንቦ ሕዋስ ከመወሰዱ በፊት ብርቱካናማውን ኤክስ ዘግቶ ስለነበር፣ አስኳሉ ወደ እንቁላል ሲገባም ይህ መዘጋት ስላልተፈታ፣ የሲሲ ሕዋሳት ሁሉ ያንኑ አንድ ምርጫ ወረሱ የሚለው ማብራሪያ ከታየው ጋር ይስማማል። የነጩም ስፍራ ቢሆን ከሬይንቦ ጋር አንድ አልነበረም፤ ቀለም ሠሪ ሕዋሳቱ በፅንሱ ውስጥ የተጓዙት እንደገና ከመጀመሪያው ነበርና።