የዛሬ ስምንት ስንት ቀን ነው? የውል ቀን ስንቆጥር የምንሳሳታቸው ነገሮች

በ2018 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ገጽ ተኩል የሆነች ውል ይዘው መጡ። አንዱ ቤት የሚያሠራ ሰው ነው፤ ሌላው የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚገጥም ባለሙያ። ውሉ ሰኞ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ተፈርሟል። «ሥራው ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ በ40 ቀናት ውስጥ ተጠናቆ ይረከባል፤ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን 1,000 ብር ይቀጣል» ይላል። ባለሙያው ያስረከበው ሰኞ መስከረም 19 ነው።

ባለቤቱ «ሦስት ቀን ዘግይተሃል» አለ። ባለሙያው ደግሞ «አንድም ቀን አልዘገየሁም» ብሎ ድርቅ አለ። ሁለቱም ጣታቸውን እያጠፉ ቆጥረዋል። የዚችን ውል ችግሮች አንድ በአንድ እንያቸው፤ ሌላው ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

የፈረሙበትን ቀን «አንድ» ብሎ መጀመር

ይሄ ከአፋችን የመጣ ስህተት ነው። ሰኞ ላይ ሆነን «የዛሬ ስምንት እንገናኝ» ስንል የሚመጣውን ሰኞ ማለታችን ነው። በመሃል ያለው ሰባት ቀን ነው፤ ስምንት የሚሆነው ዛሬንም ስለምንቆጥር ነው። «የዛሬ አሥራ አምስት»ም እንደዚያው፣ ሲቆጠር አሥራ አራት ቀን ነው። በጨዋታ ላይ ማንም አይጎዳም። ቅጣት ያለበት ውል ላይ ግን አንዷ ቀን ብር ናት።

ሕጉ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ይርጋ፣ ማለትም መብት በክስ ስለሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ፣ በሚናገርበት በአንቀጽ 1848፣ ጊዜው መቆጠር የሚጀምርበት ቀን ራሱ በቁጥሩ ውስጥ አይገባም ይላል። በውል ቀንም ቢሆን ሌላ ነገር ካልተጻፈ ጤነኛው አቆጣጠር ይሄ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የተፈረመ ውል «አንድ ቀን» ቢሰጥና ዛሬ ቢቆጠር፣ ባለሙያው ያለው ጊዜ እስከ ማታ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ቀን አይባልም።

ስለዚህ በእኛ ውል አንድ ብለን የምንጀምረው ነሐሴ 13 ላይ ነው። ከነሐሴ 13 እስከ 30፣ 18 ቀን። ጳጉሜን 5 ቀን፣ ድምሩ 23። የቀረው 17 ቀን ከመስከረም ይወሰዳል። የመጨረሻው ቀን መስከረም 17 ነው። ባለቤቱ ነሐሴ 12ን ስለቆጠረ መስከረም 16 ላይ ጨረሰ።

«ጀምሮ» የምትለዋን ቃል እንደ ዋዛ ማለፍ

ባለቤቱ ግን ዝም ብሎ አልተሟገተም። ውሉ «ከተፈረመበት ቀን *ጀምሮ*» ይላል። በአማርኛ «ከሰኞ ጀምሮ» ስንል ሰኞንም ማለታችን ነው። «ሱቁ ከሰኞ ጀምሮ ክፍት ነው» ተብሎ ሰኞ ተዘግቶ ብታገኙት ትቆጡ የለ? ቃሉ ወደ ባለቤቱ ያደላል፣ የተለመደው አቆጣጠር ደግሞ ወደ ባለሙያው። ጠቡን የወለደችው ይህች አንዲት ቃል ናት።

ሕጉ ራሱ የመጀመሪያውን ቀን መቁጠር ሲፈልግ በግልጽ ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜን የሚቆጥረው ሠራተኛው ሥራ ከጀመረበት ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ነው፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። እዚያ የመጀመሪያዋ ቀን ትቆጠራለች፤ ሰውየው ያን ቀን ሠርቷላ!

እኔ «ጀምሮ»ን ከውል ላይ ካወጣኋት ቆይቻለሁ። «ውሉ ከተፈረመበት ማግስት አንስቶ የሚቆጠር 40 ቀን» ብላችሁ ጻፉ። ማግስት የምትለው ቃል ለክርክር ቀዳዳ አትተውም።

ጳጉሜንን መርሳት፣ ወይም ወርን ሁልጊዜ 30 ቀን ማድረግ

ወራችን ሁሉ 30 ስለሆነ ልባችን ይዝናናል። ነሐሴ ላይ ቆሞ ለሚቆጥር ግን ጳጉሜን አለች። ከነሐሴ 12 በኋላ 40 ቀን ስንቆጥር ጳጉሜንን ብንዘል መስከረም 22 ላይ እናርፋለን፤ አምስት ቀን በነፃ ማለት ነው። ያውም በ2015 እንደሆነው ጳጉሜን 6 ስትሆን ልዩነቱ ስድስት ይሆናል።

«አንድ ወር» እና «30 ቀን» የሚለያዩትም እዚህ ነው። ከነሐሴ 12 አንድ ወር ካላችሁ መስከረም 12 ነው፤ በመሃሉ 35 ቀን አለ። ውሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ደግሞ ከኦገስት 18 አንድ ወር ሴፕቴምበር 18 ነው፣ ያ በእኛ መስከረም 8። ያው ውል፣ ያው «አንድ ወር»፣ የአራት ቀን ልዩነት። በሁለቱም አቆጣጠር ቀን የሚጽፍ ውል የትኛው እንደሚገዛ መናገር አለበት።

የመጨረሻው ቀን ምን ቀን እንደሆነ አለማየት

መስከረም 17 መስቀል ነው። በ2018 ደግሞ ቅዳሜ ላይ ነው የዋለው። ባለሙያው «በመስቀል ማን ቤት ይረከባል? እሑድም ሥራ የለም፤ ሰኞ አስረከብኩ» ነው የሚለው። አንቀጽ 1848 ለይርጋ የመጨረሻው ቀን በዓል ከሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ያሸጋግረዋል። በዚህ ከሄድን ባለሙያው ነፃ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባለቤቱ እንደቆጠረው ከሆነ ጊዜው ያለቀው ዓርብ መስከረም 16 ነው። ደመራ ቢሆንም ሰው ሥራ ላይ የዋለበት ቀን ነው። የመጀመሪያዋ አንድ ቀን መጨረሻ ላይ ስትደርስ ሦስት ቀን ሆነች፤ 3,000 ብር ወይም ዜሮ።

በመሃል የሚውሉት በዓላትና እሑዶች ግን አይቀነሱም። ውሉ «ቀናት» እንጂ «የሥራ ቀናት» አላለም። ዕንቁጣጣሽም ይቆጠራል።

የእኛን ቀን ለኤክሴል መስጠት

የባለሙያው ልጅ በስልኩ ቆጥሮ «38 ቀን ነው፣ ገና ሁለት ቀን ይቀረን ነበር» አለ። ነሐሴ 12ን `12/12/2017`፣ መስከረም 19ን `19/1/2018` ብሎ አስገብቶ ቀንሷቸዋል። ኤክሴል ግን ያነበበው ዲሴምበርና ጃንዋሪ ነው። አልተቃወመም፣ ቀይ ምልክትም አላሳየም። ትክክለኛው 42 ነው። መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ቀን መልሱት፣ ከዚያ አስሉት።

```
=DATE(2025,8,18)+40
```

ይሄ ሴፕቴምበር 27ን ይሰጣል፣ መስከረም 17 ማለት ነው። መደመርና መቀነስ የመጀመሪያውን ቀን አይቆጥሩም። የሥራ ቀናትን የሚቆጥረው `NETWORKDAYS` ግን መነሻውንም መድረሻውንም ይቆጥራል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብትሉት 5 ነው የሚላችሁ። `WORKDAY` ደግሞ መነሻውን ይዘላል፤ ከሰኞ 5 የሥራ ቀን ብትሉት የሚቀጥለውን ሰኞ ይሰጣል። የሥራ ቀን ስትቆጥሩ በአንዱ ቆጥራችሁ በሌላው አታረጋግጡ።

ሰዎቹ በ1,000 ብር ተስማሙ። ለኩሽና ቁም ሳጥኑ ሁለተኛ ውል ሲጽፉ ቀን መቁጠሩን እርግፍ አድርገው ተዉትና «የማስረከቢያው የመጨረሻ ጊዜ ሰኞ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ነው» ብለው ፈረሙ።