ወርቅ ሳይጨምር «ጨመረ» የሚለው ማንቂያ እንዴት ተስተካከለ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላለ አንድ ወርቅ ቤት በኒው ዮርኩ የኮሜክስ ገበያ ያለውን የወርቅ የወደፊት ውል ዋጋ በየቀኑ የሚከታተለው ፕሮግራም ገበያው በተረጋጋበት ቀን «ወርቅ ጨመረ» የሚል ማንቂያ ይልክ ነበር። መዝገቡን ሳገላብጥ፣ ይህ የሚሆነው ፕሮግራሙ ከሚያበቃው ውል ወደ ቀጣዩ በሚሻገርበት ቀን ብቻ መሆኑን አየሁ። ለምሳሌ የኤፕሪሉ ውል (GCJ) 3,000 ዶላር፣ የጁኑ (GCM) 3,024 ዶላር ቢዘጋ፣ የ24 ዶላሩ ልዩነት በአብዛኛው እስከ ጁን ያለው ወለድ እንጂ የወርቅ ጭማሪ አይደለም። ስለዚህ የትናንቱም የዛሬውም ዋጋ ከአንድ ውል እንዲወሰድ አደረግሁ፦

```
c = active[today]
chg = close[today, c] / close[yesterday, c] - 1
```

መሻገሪያው ቀንም መስተካከል ነበረበት። የኤፕሪሉ ውል እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ገደማ ቢገበያይም፣ የርክክብ ማሳወቂያ በማርች የመጨረሻ የሥራ ቀን ስለሚጀምር ወርቁን መረከብ የማይፈልግ ነጋዴ ቀድሞ ይወጣል፤ የቀረው ቀጭን ግብይት ዋጋውን አያስተማምንም። አሁን ፕሮግራሙ የሚሻገረው ከኋለኞቹ ውሎች የአንዱ የግብይት መጠን ለ2 ተከታታይ ቀናት ሲበልጥ ነው፤ ካልበለጠም ከማሳወቂያው ቀን በፊት ግድ ይሻገራል። «ቀጣዩን ወር ውሰድ» የሚለው ቀላል ደንብ ግን ብዙም ወደማይገበያየው የሜይ ውል ስለሚወስድ አይበጅም።

ለድፍድፍ ነዳጅም ያው የለውጥ ስሌት ይሠራል፤ ሆኖም እዚያ ቀጣዩ ውል ሊረክስም ስለሚችል ልዩነቱን በወለድ ማስላት አይቻልም።